በኮረብታው ጫፍ ላይ ስንት ኪሎ ሜትር አለ? ስለ ስቴት ፈንክሽን እና ፓዝ ፈንክሽን የተሳሳቱ አመለካከቶች

«ΔU = q + w ነው። ΔU ስቴት ፈንክሽን ከሆነ q እና w እንዴት ፓዝ ፈንክሽን ይሆናሉ?»

የአንደኛ ዓመት የቴርሞዳይናሚክስ ፈተና የሚያርም ሰው ይህችን ሐሳብ በሆነ መልክ ሳያገኛት አይውልም። ΔU የውስጣዊ ኢነርጂ ለውጥ፣ q ሙቀት፣ w ሥራ ነው። መልሱ ከሒሳብ አንደኛ ክፍል አያልፍም፤ ድምሩ አንድ ሆኖ ተደማሪዎቹ ሊለያዩ ይችላሉ። 7 እና 3 አሥር ነው፤ 4 እና 6 አሥር ነው።

ግርጌው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር፣ ጫፉ 2,700 ሜትር የሆነ ኮረብታ አለ እንበል። አንዱ ዳገቱን ቀጥ ብሎ 900 ሜትር ተጉዞ ይወጣል። ሌላው ጠመዝማዛውን ይዞ 4 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ጫፉ ላይ ጎን ለጎን ሲቆሙ የከፍታ መለኪያው ለሁለቱም 2,700 ያሳያል፤ የከፍታ ለውጣቸውም እኩል 300 ሜትር ነው። የተጓዙትን ርቀት ግን እዚያ ቆመው ቢለኩ አያገኙትም፤ ማን በየት እንደመጣ መጠየቅ ግድ ነው። ከፍታ ስቴት ፈንክሽን፣ የተጓዙት ርቀት ፓዝ ፈንክሽን የሚባለው በዚህ ነው። የሲስተሙን ታሪክ ሳትጠይቁ አሁን ባለበት ሁኔታ የምታውቁት ነገር ስቴት ፈንክሽን ነው።

አሁን ወደ ጋዙ። ሲሊንደር ውስጥ 1 ሞል አይዲያል ጋዝ አለ፤ 300 ኬልቪን ላይ ነው። ከ10 ሊትር ወደ 20 ሊትር እናሰፋዋለን፤ ሲጨርስም 300 ኬልቪን ላይ ነው። የአይዲያል ጋዝ ውስጣዊ ኢነርጂ በቴምፕሬቸር ብቻ ስለሚወሰን፣ በየትም መንገድ ብንሄድ ΔU ዜሮ ነው። በጋዙ ላይ የሚሠራውን ሥራ አዎንታዊ፣ ጋዙ የሚሠራውን አሉታዊ እንበል።

በመጀመሪያው መንገድ ጋዙ ወደ ባዶ ቦታ ይለቀቃል። የሚገፋው ነገር ስለሌለ w ዜሮ ነው፤ q ደግሞ ዜሮ ነው።

በሁለተኛው መንገድ በፒስተኑ ላይ ያለውን የውጭ ግፊት በአንድ ጊዜ ወደ መጨረሻው ግፊት ዝቅ እናደርጋለን። ይህ ግፊት 8.314 × 300 ÷ 0.020፣ ማለትም 124,700 ፓስካል ገደማ ነው። ጋዙ ይህን ግፊት ተቋቁሞ በ0.010 ሜትር ኩብ ይሰፋል፤ w = −1,247 ጁል፣ q = +1,247 ጁል ይሆናል።

በሦስተኛው መንገድ የውጭ ግፊቱን ቀስ በቀስ፣ ሁልጊዜ ከጋዙ ግፊት በጥቂቱ ብቻ እያሳነስን እንሄዳለን። ይህ ሪቨርሲብሉ መንገድ ነው። w = −nRT ln 2 = −1,729 ጁል፣ q = +1,729 ጁል።

መነሻውና መድረሻው አንድ ነው፤ ΔU ሦስቱም ላይ ዜሮ ነው። ሙቀቱ ግን 0፣ 1,247 እና 1,729 ጁል ነው። ስንት ጁል ሙቀት «ጋዙ ውስጥ አለ» ብሎ መጠየቅ፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ ስንት ኪሎ ሜትር እንዳለ እንደመጠየቅ ነው።

ተማሪው እዚህ ላይ የሚወድቀው «ቴምፕሬቸሩ ካልተለወጠ nRT ln ነው» ብሎ ስለሸመደደ ሦስቱንም መንገድ በአንድ ቀመር ሲሠራ ነው። ያ ቀመር የሚሠራው የውጭው ግፊት ከጋዙ ግፊት ጋር በመንገዱ ሁሉ እኩል ሲሆን ብቻ ነው፤ ካልሆነ ሥራው የሚሰላው በውጭው ግፊት ነው። ሊትርን ወደ ሜትር ኩብ መቀየር የሚረሳም አለ፤ ለሁለተኛው መንገድ ከ1.2 ሚሊዮን ጁል በላይ ያወጣና ምንም ሳይደነግጥ ያልፋል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ በአንድ ቴምፕሬቸር ሲሰፋ ጋዙ የሚሠራው ሥራ ከሪቨርሲብሉ 1,729 ጁል ሊበልጥ አይችልም።

«የሙቀት ለውጡን Δq ብዬ ብጽፈው ምን ችግር አለው?»

መነሻ q እና መድረሻ q የሚባል ነገር ስለሌለ የሚቀነስ የለም። q ብቻ ጻፉ።

«ጋዙ ወደ መነሻው ከተመለሰ ሁሉም ነገር ዜሮ ነው።»

ስቴት ፈንክሽኖቹ ብቻ። በሁለተኛው መንገድ የሰፋውን ጋዝ በ249,400 ፓስካል ቋሚ ግፊት ወደ 10 ሊትር ብንመልሰው w = +2,494 ጁል ይሆናል። ሲሰፋ ከሠራው 1,247 ጋር ስናጣፋው 1,247 ጁል ሥራ ከእኛ ወጥቶ በሙቀት መልክ ወደ አካባቢው ሄዷል። ኮረብታውን ወጥቶ የወረደ ሰውም የከፍታ ለውጡ ዜሮ ነው፤ የሄደው ርቀት ግን ይደመራል እንጂ አይጣፋም።

«በየትኛውም መንገድ ብንወጣ ሥራው mgh ነው፤ ስለዚህ ሥራ ስቴት ፈንክሽን ነው።»

mgh የመሬት ስበትን ለመቋቋም የሚሠራው ሥራ ብቻ ነው። ለ70 ኪሎ ግራም ሰው 300 ሜትር መውጣት 206 ኪሎጁል ገደማ ነው፤ ይህ በእርግጥ መንገድ አይመርጥም፤ ምክንያቱም የስበት ሥራ በከፍታ ልዩነት ብቻ ይወሰናል። በሰበቃ የሚባክነው ግን በመንገዱ ይለያያል። የውጭ ግፊትም እንደ ስበት አይደለም፤ በመንገዱ ላይ ምን ያህል እንደሚሆን የምንወስነው እኛ ነን። የኮረብታው ምሳሌ የሚያገለግለው ከፍታን ከርቀት ለመለየት ነው፤ ከዚያ አልፋችሁ አትጎትቱት።

«በቋሚ ግፊት q = ΔH፣ ማለትም የኢንታልፒ ለውጥ ነው፤ ስለዚህ ሙቀት ስቴት ፈንክሽን ነው።»

መንገዱን ራሳችሁ ቆልፋችሁ ስታበቁ መንገድ ለውጥ አያመጣም ማለት አይቻልም። ደግሞም እኩልነቱ የሚሠራው ከመስፋፋት ሥራ በቀር ሌላ ሥራ ከሌለ ነው። ይህን ሁለተኛ ሁኔታ የሚያስታውስ ተማሪ ጥቂት ነው።

ዚንክን ከመዳብ አዮን ጋር አዋህዱ። በስታንዳርድ ሁኔታ ΔH ለአንድ ሞል −218.7 ኪሎጁል ነው። ዚንኩን ቢከር ውስጥ መዳብ ሰልፌት ላይ ብትጨምሩት ይህ ሁሉ በሙቀት መልክ ይወጣል። ያንኑ ሪአክሽን በ1.10 ቮልት የኤሌክትሪክ ሴል ውስጥ በሪቨርሲብል መንገድ ብታካሂዱት ግን 212.3 ኪሎጁሉ የኤሌክትሪክ ሥራ ሆኖ ይወጣል፤ ለሙቀት የሚተርፈው 6.4 ብቻ ነው። ግፊቱ አንድ፣ ΔH አንድ፣ ሙቀቱ ግን የትና የት።

«ወደ ባዶ ቦታ ሲሰፋ q = 0 ስለሆነ ΔS = 0 ነው።»

ΔS = q/T የምትለው ቀመር q በሪቨርሲብሉ መንገድ የተወሰደ ሙቀት እንዲሆን ትጠይቃለች። ኢንትሮፒ ስቴት ፈንክሽን ስለሆነ ሂሳቡን በሄዳችሁበት መንገድ የመሥራት ግዴታ የለባችሁም፤ በእነዚያው መነሻና መድረሻ መካከል ለማስላት የሚመች መንገድ ትመርጣላችሁ። እሱም ሦስተኛው ነው፦ 1,729 ÷ 300 = 5.76 ጁል በኬልቪን። የጋዙ ΔS በሦስቱም መንገዶች ይኸው ነው። የሚለያየው የአካባቢው ነው፦ በሪቨርሲብሉ −5.76፣ በሁለተኛው −4.16፣ ወደ ባዶ ቦታ ሲሰፋ ዜሮ። የሁለቱን ድምር ስትሠሩ ዜሮ የሚሆነው በሪቨርሲብሉ ብቻ ነው፤ በሌሎቹ ላይ ዜሮ ወይም አሉታዊ ካወጣችሁ ስሌቱ ውስጥ ስህተት አለ።