የግል ዓመት ቁጥር፦ በሁለት ቀን መቁጠሪያ መካከል

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ እንደ ኮዬ ፈጬ ባሉ የጋራ መኖሪያ ሰፈሮች ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ቀን መቁጠሪያ በአንዱ ሳጥን ሁለት ቀን ይይዛል። በትልቁ የተጻፈው የእኛ ነው፤ ጥግ ላይ የተቀመጠው ትንሹ ደግሞ የፈረንጅ። የግል ዓመት ቁጥሩን አስልቶ ዓመቱን በዚያ ሊያቅድ የሚነሳ ሰው ችግሩ የሚጀምረው ከእነዚህ ሁለት አኃዞች ነው። ስሌቱ ራሱ የሕፃን ሥራ ነው። የትኛውን ቀን ወስዶ ያስላ የሚለው ግን ቀላል አይደለም።

የግል ዓመት ቁጥር ኑመሮሎጂ ከሚባለው የቁጥር ትርጓሜ ልማድ የመጣ ነው። ልማዱ ሥሩን ወደ ግሪካዊው ፒታጎራስ ቢመልስም አሁን በሥራ ላይ ያለው ቅርጹ በአብዛኛው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ የተቀናጀ ነው። የሰው ሕይወት በዘጠኝ ዓመት ዙር ይመላለሳል ይላል። አንድ የመጀመሪያ ዓመት ነው፤ ሁለት የትዕግሥትና የሽርክና፣ ሦስት ሐሳብን የመግለጫ፣ አራት የድካምና የመሠረት፣ አምስት የለውጥ፣ ስድስት የቤትና የቤተሰብ፣ ሰባት የጥናትና ራስን የማየት፣ ስምንት የገንዘብ፣ ዘጠኝ ደግሞ የመዝጊያ። ከዘጠኝ በኋላ ተመልሶ አንድ ይመጣል።

ቁጥሩ የሚገኘው የተወለዱበትን ወርና ቀን ከያዝነው ዓመት ጋር ደምሮ አንድ አኃዝ ብቻ እስኪቀር ድረስ አኃዞቹን በመደማመር ነው። የተወለዱበት ዓመተ ምሕረት አይገባበትም። ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የልደት ዓመታቸውን ጨምረው ሲደምሩ የሚያገኙት ሌላ ነገር ነው፣ ዕድሜ ልክ የማይለወጠው የሕይወት መንገድ ቁጥር የሚባለው። ከዚሁ ሌላም ነገር ይከተላል፦ ጥቅምት 14 ቀን የተወለዱ ሁሉ፣ አያትም ትሁን የልጅ ልጅ፣ በያንዳንዱ ዓመት እርስ በርሳቸው እኩል የግል ዓመት ቁጥር አላቸው።

አኃዝ ደጋግሞ መደመር ሲገለጥ በ9 ከማካፈል የተለየ አይደለም፤ የሚፈለገው ቀሪው ነው፣ ቀሪ ከሌለ ደግሞ 9 ይባላል። ባሕረ ሐሳብ ለተማረ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። እዚያም 5500 እና ዓመተ ምሕረቱ ተደምረው ለ4 ሲካፈሉ ቀሪው ዘመኑ የየትኛው ወንጌላዊ እንደሆነ ይናገራል፤ 7518 ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል፣ 2018 ዘመነ ማርቆስ ነው። ልዩነቱ የባሕረ ሐሳቡ ቀሪ ጳጉሜን መቼ 6 ቀን እንደምትሆን የሚያስታውቅ መሆኑ ነው፤ ያንን ማንም ቆጥሮ ሊያረጋግጠው ይችላል። የግል ዓመት ቀሪ ግን እንዲህ የሚፈተንበት ነገር የለውም።

አሁን በአንድ ሰው ላይ እናስላው። በኮዬ ፈጬ ምድር ቤት በሁለት የስፌት መኪና የሀበሻ ቀሚስ የምትሰፋ ሴት አለች እንበል፤ ልደቷ ጥቅምት 14 ቀን 1985። በ2018 ሥራዋን ለማስፋፋት፣ ሦስተኛ መኪና በብድር ለመግዛት ታስባለች። በእኛ አቆጣጠር ወሯ 2፣ ቀኗ 14 ሆኖ 1 እና 4 ሲደመሩ 5፣ ዓመቱ 2018 ደግሞ 11 ከዚያም 2 ነው። 2 እና 5 እና 2፣ ድምሩ 9። መጽሐፎቹ እንደሚሉት ዓመቷ የመዝጊያ ነው፤ ዕዳ ክፈይ፣ የተንጠለጠለውን ጨርሺ፣ አዲስ ነገር አትጀምሪ።

በፓስፖርቷ ላይ ያለው ግን ኦክቶበር 24 ቀን 1992 ነው። ወሩ 10 ወደ 1፣ ቀኑ 24 ወደ 6፣ ዓመቱ 2025 ወደ 9 ይወርዳል፤ ድምሩ 16፣ ማለትም 7። ይህ እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ነው። ታኅሣሥ 23 ቀን 2018፣ የፈረንጆቹ 2026 ሲገባ፣ ቁጥሯ 8 ይሆናል፤ የገንዘብና የማስፋፋት ዓመት። ያችው ሴት፣ ያው ብድር፤ አንደኛው ቀን መቁጠሪያ ተዪው ይላታል፣ ሌላኛው ጊዜው አሁን ነው ይላታል። አዲስ ጅማሬ የሚባለው 1 ደግሞ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 2019 ይገባላታል፣ በፈረንጁ ግን ታኅሣሥ 22 ቀን 2020። በመካከላቸው ከአንድ ዓመት ከሦስት ወር በላይ አለ።

በልደት ቀን የሚቆጥሩም አሉ፤ ለእነርሱ የግል ዓመቱ የሚለወጠው በዘመን መለወጫ ሳይሆን ጥቅምት 14 ላይ ነው። ለጳጉሜን 6 ልጅ ይህ መንገድ በአራት ዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ ልደት ይሰጠዋል። ወራቸውን ለሚያሰሉም ጳጉሜን አስቸጋሪ ናት፦ 13ኛ ወር ስለሆነች ወደ 4 ትወርዳለች፣ አምስት ቀን ብቻ ይዛ የራሷን የወር ቁጥር ታገኛለች። ስርዓቱ የተሠራው 12 ወር ላላቸው ሰዎች መሆኑ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

ከሁሉ የሚብሰው ስሕተት ግን የቀን ልወጣ ነው። ጥቅምትን ወደ ኦክቶበር ሲመልሱ አሥር ቀን መጨመር ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከምትሆንበት ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ ባለው በዘመነ ዮሐንስ ግን አንድ ቀን ይጎድለዋል። የልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህት ጥቅምት 14 ቀን 1984 ተወልዳ ቢሆን ቀኗ ኦክቶበር 25 ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ቁጥሯ ከታናሿ በአንድ ይበልጣል፣ በእኛው አቆጣጠር ግን እኩል ናቸው። በአንድ ቀን ስሕተት 8 የነበረው 9 ይሆናል። ልደቷ በመታወቂያና በፓስፖርት የተለያየባት ሴት ከመደመሯ በፊት ይህንን ማጣራት አለባት።

ታዲያ ምን ይደረጋል? የልማዱ ተከታዮች አንድ አቆጣጠር መርጠህ ጽና ይላሉ። ምክሩ ለወጥነት ጥሩ ነው፤ ትክክለኛው የቱ እንደሆነ ግን አይነግርም። እኔ ብሆን የእኛውን እመርጥ ነበር፣ ምክንያቴም ከኮከብ ጋር አይገናኝም፦ የትምህርት ቤት ክፍያም የአዲስ ልብስ ወጪም ከመስከረም ጋር ይመጣሉ፣ የመንግሥት በጀት ዓመት በሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ገበያውም በበዓላችን ይሄዳል።

ለልብስ ሰፊዋ ደግሞ ሥራው ራሱ ቁጥር አለው። የዘመን መለወጫ ትእዛዝ ክረምቱ ሳይወጣ ነሐሴ ላይ ይገባል፤ ገናና ጥምቀት የጥር ሰርግ ጭምር ይዘው ይመጣሉ፤ በዐቢይ ጾም ሰርግ ስለማይኖር ሥራው ይቀዘቅዛል፤ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይሞቃል። ብድሩ በጾሙ መካከል ክፍያ የሚጠይቅ ከሆነ ዓመቱ 8 ቢሆንም ያስጨንቃታል፤ የክፍያው ቀን ከፋሲካ በኋላ ቢሆን 9 ቢሆንም ትከፍላለች። ቁጥሩ 9 በሆነ ዓመት የሚባለው ዕዳን የመዝጋት ምክር ጠቃሚ የሚሆነው የተበተኑ ሒሳቦቿን፣ ቀብድ ተቀብላ ያላስረከበቻቸውን ቀሚሶች፣ ያልተከፈላትን ቀሪ ገንዘብ በአንድ ደብተር እንድትጽፍ ካደረጋት ነው። ያንን ግን ዓመቷ 4 ቢሆንም ልታደርገው ይገባት ነበር።

ቁጥሩን መሞከር ለሚፈልግ ቀላል ፈተና አለ። የዘጠኙን ዓመት መግለጫዎች ቁጥራቸውን ሳይጽፉ በዘጠኝ ወረቀት ገልብጦ፣ ያለፈውን ዓመቱን የሚመስለውን መጀመሪያ ይምረጥ፤ ቁጥሩን ከዚያ በኋላ ያስላ። በዕድል ብቻ ከዘጠኝ ሰው አንዱ ይገጥምለታል። ቁጥሩን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ግን ሁሌም ይገጥምለታል፤ ማንም ሰው በዓመት ውስጥ አንድ ነገር ይዘጋል፣ አንድ ነገርም ይጀምራልና።