ደብዳቤው «ለግል ጉዳይ» ይላል፦ ስለ መውጫ ቃለ መጠይቅ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ውስጥ በሆቴል ሥራ ላይ ካላችሁ፣ የመልቀቂያ ደብዳቤ እጃችሁ ሳይገባ አይቀርም። እኔም በሰው ሀብት ክፍል ብዙ ተቀብያለሁ። የሚለቀውን ሰው ከመሄዱ በፊት አስቀምጦ ማናገር፣ ማለትም የመውጫ ቃለ መጠይቅ፣ ሲነሳ ከሥራ ባልደረቦቼ ደጋግሜ የምሰማቸው አባባሎች እነዚህ ናቸው።

«ምክንያቱን ደብዳቤው ላይ ጽፎታል፤ ሌላ ምን ይጠየቃል?»

ደብዳቤ የሚጻፈው በሰላም ለመውጣት ነው። ሰውዬው ገና ክሊራንስ አልጨረሰም፣ የሥራ ልምዱን አልወሰደም፣ የመጨረሻ ክፍያው አልተሰራለትም። ይሉኝታም አለ። የጎንደር የሆቴል ሰው እርስ በርሱ ይተዋወቃል፤ ነገ ፒያሳ ቡና ላይ መገናኘት አይቀርም። ስለዚህ «ለተሻለ ደመወዝ» ወይም «ለግል ጉዳይ» ብሎ ይገላገላል። ውሸት ነው ማለቴ አይደለም፤ ደመወዙ እውነትም ተሽሎ ይሆናል። ግን ሌላ ቦታ እንዲፈልግ ያስነሳው ነገር ሌላ ሊሆን ይችላል።

«ታዲያ ‹ለምን ለቀቅህ?› ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ነዋ»

«ለምን» ሲባል ሰው የተዘጋጀ መልስ ይሰጣል። «መቼ» ሲባል ግን ያስታውሳል። አንዲት የክፍል አጽጂ ደብዳቤዋ «ለግል ጉዳይ» ይል ነበር።

«ሌላ ሥራ መፈለግ የጀመርሽው መቼ ነው?» አልኳት።

«የጥምቀት ሰሞን።»

«ምን ተፈጥሮ ነው?»

«የከተራ ቀን እረፍቴ ነበር። ዋዜማው ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ተደውሎ ‹ነገ ግቢ› ተባልኩ። የልጄን ነጭ ልብስ ተኩሼ ጨርሼ ነበር።»

ደመወዝ የሚል ቃል አልወጣትም። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ጨመርኩ፦ «ያኔ ለማን ተናገርሽ? ምን ተባልሽ?» ለአለቃዋ ተናግራለች፤ «ሁሉም ገብቷል» ተብላለች። ምትክ እረፍትም አልተሰጣትም፤ ሕጉ ግን ይገባታል ይላል። ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ይሄ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ሰው የሚለቀው ችግር ስለገጠመው ብቻ አይደለም፤ ተናግሮ ሰሚ ሲያጣም ነው።

«የቅርብ አለቃው ያናግረው፤ እሱ ያውቀዋል»

ምክንያቱ አለቃው ራሱ ቢሆንስ? ሌላ ሰው ያናግረው። የሚቻል ከሆነ የሥራ ልምዱ ወረቀት እጁ ከገባ በኋላ ይሁን፤ ያን ጊዜ አንደበቱ ይፈታል።

«ብዙ ሰው የጠቀሰውን ምክንያት ቆጥሮ ማውጣት በቂ ነው»

ቆጠራ ብቻውን ያታልላል። ምሳሌ እንውሰድ። 60 ሠራተኛ ካለው ሆቴል በዓመት 14 ሰው ለቀቀ እንበል። ከመስተንግዶ 6፣ ከክፍል ጽዳት 5፣ ከተቀሩት ክፍሎች 3። ጣታችን ወዲያው መስተንግዶ ላይ ይቀሰራል። ግን መስተንግዶ 20 ሰው ነበረው፤ ክፍል ጽዳት 12 ብቻ። ከመስተንግዶ ከአሥሩ ሦስቱ ሄዱ፤ ከጽዳት ከአሥሩ አራት ያህሉ። እሳቱ ያለው ጽዳት ክፍል ነው።

አሁን ለእያንዳንዱ ለቃቂ በሰንጠረዥ አንድ መስመር ስጡት። ክፍሉን፣ የፈረቃ ኃላፊውን፣ ስንት ወር እንደሠራ፣ ደብዳቤው ያለውን፣ እና ሥራ መፈለግ የጀመረበትን ወር ከምክንያቱ ጋር ጻፉ። ደብዳቤው ያለውንና በቃል የነገራችሁን በአንድ ዓምድ አትቀላቅሉ። የነገራችሁንም መጀመሪያ በራሱ አነጋገር አስፍሩት። «የሥራ ጫና» ብላችሁ ካሳጠራችሁት፣ የማታው ስልክ ይጠፋል።

የአምስቱ የጽዳት ሠራተኞች ደብዳቤ ሦስቱ ደመወዝ፣ አንዱ ትምህርት፣ አንዱ ቤተሰብ ይላል። የለቀቁበት ወርም የተበታተነ ነው፦ የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ። መፈለግ የጀመሩበትን ወር ስታዩ ግን አራቱ ጥር ላይ ይገጥማሉ። የዘገዩት ሥራ እስኪያገኙ፣ ከዚያም የ30 ቀኑ ማስጠንቀቂያ እስኪያልቅ ነው። በለቀቁበት ወር ብቻ የደረደረ ሰው ይህን አያየውም።

«አራት ሰው አንድ ነገር ካለ ተረጋገጠ ማለት ነው»

ገና ነው። አራቱ ጓደኛሞች ከሆኑ አንድ ወሬ አራት ጊዜ ሰምታችሁ ሊሆን ይችላል። የጥርን የፈረቃ ፕሮግራም አውጡ። ስንት እረፍት ተሰረዘ? ስንቱ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ተነገረ? ምትክ የተሰጠውስ ስንቱ ነው? ከዚያ ያልለቀቁትን ሰባቱን ጠይቁ፤ እነሱም እረፍታቸው ተሰርዞ ከሆነ ምን እንዳቆያቸው ትሰማላችሁ። ምናልባት ሌላኛው የፈረቃ ኃላፊ ምትክ እረፍት ይሰጥ ነበር።

ውጤቱን ለሥራ አስኪያጁ ስታቀርቡ ግን ስለ ነጩ ልብስ እንዳትጽፉ። በ12 ሰው ክፍል ውስጥ የማን ልጅ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። «አራት ሰዎች በዋዜማ የተሰረዘ እረፍትን ጠቅሰዋል» በሉና የፈረቃ ፕሮግራሙን አያይዙ።