የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ በኤምሬቶች፦ ውሉን ለጨረሰ ሠራተኛ

የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ አሠሪ ለሠራተኛው በሥራው ዘመን መጨረሻ በአንድ ጊዜ የሚከፍለው ገንዘብ ነው። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የሚሠሩ ሀበሾች ብዙ ጊዜ «ግራቹቲ» ይሉታል። ከወር ደመወዝ ውጪ ነው። ጉርሻም፣ የአሠሪ ቸርነትም አይደለም። ሕግ ያስቀመጠው ዕዳ ነው። የአገሩ ዜጎች ጡረታ አላቸው። የውጭ ዜጋ ግን በአብዛኛው ጡረታ ስለሌለው በምትኩ የሚያገኘው ይህንን ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በግል ድርጅት ውስጥ በሙሉ ሰዓት የሚሠራ፣ በጊዜ የተገደበ ውል ፈርሞ ውሉን እስከ መጨረሻው የሠራ ሰው ላይ ነው። የሆቴል ክፍል አጽጂዎች፣ ጥበቃዎች፣ አስተናጋጆች፣ የመጋዘን ሠራተኞች፣ የሽያጭ ሠራተኞች እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ዱባይና አቡዳቢ ውስጥ በእነዚህ ሥራዎች ላይ ስማቸውን ያስከበሩ የአገራችን ልጆች ብዙ ናቸው። የሚገባቸውን ክፍያ እስከ መጨረሻዋ ዲርሃም ማወቅ አለባቸው።

ቀድሞ የሚሠራው ሕግ የ1980 (እ.ኤ.አ.) የሠራተኛ ሕግ ቁጥር 8 ነበር። በእሱ ዘመን ጊዜ ያልተገደበለት ውልም ነበር፤ በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሰው ክፍያው ይቀነስበት ነበር፤ ጊዜ የተገደበለት ውል ላይ ያለ ሰው ደግሞ አምስት ዓመት ሳይሞላው ጥሎ ከሄደ ምንም ላያገኝ ይችል ነበር።

አሁን የሚሠራው በ2021 የወጣው አዋጅ ቁጥር 33 ነው። ሥራ ላይ የዋለው በየካቲት 2022 መጀመሪያ ነው። ትልቁ ለውጡ ጊዜ ያልተገደበለትን ውል ማስቀረቱ ነው። አሮጌ ውል የነበራቸው ድርጅቶች እስከ 2023 መጨረሻ ድረስ ወደ አዲሱ እንዲቀይሩ ተደርጓል። ስለዚህ ዛሬ በሰው ኃይል ሚኒስቴር ሥር ያለ የግል ድርጅት ሠራተኛ ሁሉ ውሉ መጀመሪያና መጨረሻ ቀን አለው። ሁለት ዓመት የተለመደ ነው። ከዚያ ይታደሳል፣ ወይም ያበቃል።

ስሌቱ የሚገኘው በአዋጁ አንቀጽ 51 ላይ ነው። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ያለማቋረጥ የሠራ ሰው ይገባዋል። ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን ደመወዝ ይታሰብለታል። ከአምስት ዓመት በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት ደግሞ የ30 ቀን ደመወዝ ነው። ሙሉ ዓመት ያልሞላ ትርፍ ጊዜ አይጣልም፤ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ወራቱም ቀናቱም በድርሻቸው ይቆጠራሉ። የሁሉም ድምር ከሁለት ዓመት ደመወዝ መብለጥ አይችልም። ይህ ጣሪያ ግን የሚነካው ከ25 ዓመት በላይ በአንድ ድርጅት የቆየን ሰው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ደመወዝ» የሚለው ላይ ነው። ስሌቱ የሚሠራው በመነሻ ደመወዝ ነው፤ ያውም በመጨረሻው። የቤት አበል፣ የትራንስፖርት አበል፣ የምግብ፣ ትርፍ ሰዓት፣ ቲፕ አይገቡም። ውሉ ላይ መነሻ ደመወዙ ከአበሎቹ ተለይቶ በራሱ መስመር ይጻፋል። ገና ሲፈረም መታየት ያለበት ያ መስመር ነው። አንዳንድ ድርጅቶች በወር 2,400 ዲርሃም እንከፍላለን ብለው መነሻውን 1,000 ብቻ አድርገው ቀሪውን በአበል ይሞሉታል። በየወሩ የሚገባው ገንዘብ ያው ነው። ልዩነቱ የሚታየው ውሉ ሲያልቅ ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። አንዲት የሆቴል ሠራተኛ በሁለት ሁለት ዓመት ውል ሦስት ጊዜ ፈርማለች እንበል። ስድስት ዓመት ማለት ነው። ስትጀምር መነሻ ደመወዟ 1,200 ዲርሃም ነበር። በሁለተኛው ውል 1,350 ሆነ። በሦስተኛው 1,500 ደረሰ። ከአበሎቹ ጋር በእጇ የሚገባው 2,400 ነው። በመሀል እናቷ ታመውባት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስዳ ሁለት ወር አዲስ አበባ ቆይታለች። ሦስተኛው ውል አልቆ አሠሪዋም እሷም ላለማደስ ተስማሙ።

ያለ ደመወዝ የቀረችባቸው ቀናት ከአገልግሎት ዘመኗ ይቀነሳሉ። ስለዚህ የሚታሰብላት አምስት ዓመት ከአሥር ወር ነው። የመጨረሻ መነሻ ደመወዟን 1,500 ለ30 ስናካፍል የቀን ደመወዟ 50 ዲርሃም ይሆናል። ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት 21 ቀን በ50፣ በዓመት 1,050፣ በአምስት ዓመት 5,250 ይመጣል። ለቀሪዎቹ አሥር ወራት ደግሞ የዓመቱ 1,500 ስለሆነ ድርሻው 1,250 ነው። ጠቅላላው 6,500 ዲርሃም። በቀናት ቆጥሮ የሚያሰላ ሒሳብ ሹም ጥቂት ዲርሃሞች ከፍ ወይም ዝቅ ሊያደርገው ይችላል፤ ያ ችግር የለውም።

ይህች ሴት በ2,400 አስልታ ቢሆን ኖሮ 10,400 ትጠብቅ ነበር። የጓደኛሞች የስልክ ስሌት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚያሳስተው። ከዚያ ቢሮ ስትገባ «አጭበረበሩኝ» ብላ ትወጣለች። አልተጭበረበረችም። መነሻ ደመወዙ ግን ከመጀመሪያው ዝቅ ተደርጎ ተጽፎ ከነበረ፣ የጎዳት እዚያ ላይ ነው።

እውነተኛው ማጭበርበር የሚመጣው ውል ሲታደስ ነው። አንዳንድ አሠሪዎች በየሁለት ዓመቱ ሒሳብ ዘግተው «ግራቹቲሽ ይኸው፣ አዲሱ ውል ከዜሮ ይጀምራል» ይላሉ። ሠራተኛዋም ገንዘቡን ቶሎ ስለምታገኘው ደስ ይላታል። በእኛ ምሳሌ እንየው። ለመጀመሪያው ውል በቀን 40 ዲርሃም ሒሳብ 1,680 ታገኛለች። ለሁለተኛው፣ ያለ ደመወዝ የቀረችባቸው ሁለት ወራት እዚያ ላይ ከዋሉ፣ በቀን 45 ሒሳብ ወደ 1,730 ገደማ። ለሦስተኛው በቀን 50 ሒሳብ 2,100። ሲደመር ወደ 5,500 ነው። አንድ ሺህ ዲርሃም ያህል ቀረባት ማለት ነው። የቀረባት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ የጥንቶቹ ዓመታት በመጨረሻው ከፍ ባለ ደመወዝ አልታሰቡላትም። ሁለተኛ ከአምስት ዓመት በላይ ያለው ጊዜ በ30 ቀን መታሰብ ሲገባው ወደ 21 ወረደ። አዋጁ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ውል ሲራዘም ወይም ሲታደስ አዲሱ ጊዜ የአሮጌው ቀጣይ ነው፤ አገልግሎቱም ተደምሮ ይቆጠራል። ቀድሞ የተከፈለው ከመጨረሻው ድምር ላይ ሊቀነስ ይችላል እንጂ ዓመቱን አያጠፋውም።

ውልን ጨርሶ መውጣት ሌላም ጥቅም አለው። በአዲሱ ሕግ በራሱ የለቀቀ ሰውም ክፍያው እንደ ድሮው አይሸራረፍም። ነገር ግን በመሀል ያለ ማስጠንቀቂያ የሄደ ሰው ለማስጠንቀቂያው ጊዜ የሚሆን ደመወዝ ለአሠሪው ይከፍላል፤ ይህ ጊዜ በውሉ መሠረት ከ30 እስከ 90 ቀን ነው። ያ ገንዘብ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚቆረጠው ከዚሁ ክፍያ ላይ ነው። ቀኑን ጠብቆ ለጨረሰ ሰው ይህ ጣጣ የለበትም። በከባድ ጥፋት የተባረረ ሰው ምን ያገኛል የሚለው ላይ ክርክር አለ። የድሮው ሕግ ይከለክለው ነበር፤ አዲሱ እንዲህ ያለ ክልከላ ስለሌለው አብዛኞቹ የሕግ ባለሙያዎች ይገባዋል ይላሉ።

አሠሪው ሁሉንም ሒሳብ ውሉ ካበቃበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ መክፈል አለበት። እዚህ ላይ አንድ ወረቀት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የሥራ ፈቃድ ሲሰረዝ ሠራተኛው የሚፈርመው ቅጽ «መብቴን ሁሉ ተቀብያለሁ» የሚል ቃል አለው። ገንዘቡ ሒሳብ ውስጥ ሳይገባ ወይም በእጅ ሳይቆጠር መፈረም ክሱን ገና ሳይጀመር ያዳክመዋል። «ፈርሚ፣ ነገ ይገባልሻል» የሚል አሠሪ ነገ ስልክ ላያነሳ ይችላል።

የሒሳብ መዝጊያውም ወረቀት በአንድ ድምር ብቻ ከመጣ ዝርዝር መጠየቅ ተገቢ ነው። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ገንዘብ፣ የመጨረሻ ወር ደመወዝ፣ የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱን በሌላው ሸፍኖ «ሁሉም አለበት» ማለት የተለመደ ዘዴ ነው። ከክፍያው ላይ ሠራተኛው የተበደረው ወይም ፍርድ ቤት የወሰነበት ሊቆረጥ ይችላል። ሌላ ሥራ ሳይዝ ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው የመመለሻ ወጪው ግን የአሠሪው ነው፤ የቲኬት ዋጋ ብሎ መቁረጥ አይገባም።

አልከፍልም ያለ አሠሪ ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ሰው ኃይል ሚኒስቴሩ ነው። በመተግበሪያው ወይም በስልክ አቤቱታ ይቀርባል፤ ቀድሞ የሚሞከረው ማስማማት ነው። ከ2024 ጀምሮ ጥያቄው ከ50,000 ዲርሃም ካልበለጠ ሚኒስቴሩ ራሱ የመወሰን ሥልጣን አለው። የምሳሌያችን 6,500 በቀላሉ እዚህ ውስጥ ይወድቃል። ወደ ፍርድ ቤት ቢሄድም ከ100,000 ዲርሃም በታች ያለ የሠራተኛ ክስ ከዳኝነት ክፍያ ነፃ ነው። በ2024 በተሻሻለው ሕግ መሠረት የሥራ ግንኙነቱ ካበቃ ሁለት ዓመት ካለፈ ጥያቄው አይሰማም፤ ቀድሞ ጊዜው ከዚህ ያጥር ነበር። አገር ቤት ገብቶ «ሌላ ጊዜ እጠይቃለሁ» ማለት ብዙዎችን ያስቀረ ነው። ለማስረጃ የሚጠቅሙት የተመዘገበው ውል፣ ደመወዝ የገባበት የባንክ መዝገብና ያለ ደመወዝ የተወሰደ ፈቃድ ደብዳቤ ናቸው።

የዱባይ የፋይናንስ ማዕከል የተለየ ሕግ አለው። እዚያ ከ2020 ጀምሮ አሠሪው በየወሩ ወደ ቁጠባ ሒሳብ ያስገባል።

በቤት ውስጥ የሚሠሩ እህቶቻችን ከላይ ባለው ስሌት አይሸፈኑም። ለእነሱ በኤምሬቶች በ2022 የወጣ የራሳቸው ሕግ አለ፤ መብታቸው የሚታየው በዚያና በፈረሙት ውል ነው። በጎረቤት አገሮችም ደንቡ ይለያያል። በኩዌት የ2015ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ ውሏን ለጨረሰች ሠራተኛ ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ይሰጣል። ሳዑዲ በ2013 ባወጣችው ደንብ ላይ ደግሞ የአንድ ወር ደመወዝ የሚገኘው አራት ተከታታይ ዓመት ከተሠራ በኋላ ነበር። ሁለት ዓመት ሠርታ የምትመለስ ሴት በኩዌት ሕግ የሁለት ወር ደመወዝ ይዛ ልትወጣ ስትችል፣ በዚያ የሳዑዲ ደንብ መሠረት ግን ከዚህ ክፍያ ምንም አይደርሳትም ነበር።