ቴሲስ፣ የጉባኤ ጽሑፍና ያልታተመ ረቂቅ፦ ከጆርናል በምን ይለያሉ፣ እንዴትስ ይጠቀሳሉ?

ስለ ጅማ ቡና፣ ስለ አካባቢው ወባ ወይም ስለ ጊቤ ታሪክ የሚያጠና ሰው ቶሎ አንድ ነገር ይገባዋል። ከሚፈልገው ነገር ብዙው ጆርናል ላይ የለም። ያለው በዲፓርትመንት ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ በተጠረዘ ቴሲስ፣ በጉባኤ አብስትራክት ወይም በአንድ መምህር ኮምፒውተር ውስጥ ነው። እነዚህን መጥቀስ ይቻላል፣ ይገባልም። የሚያስቸግረው ልክ እንደ ጆርናል ጽሑፍ አድርጎ መጥቀስ ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው ከሁለት ጥያቄዎች ነው። ጽሑፉን ማን ፈተሸው? አንባቢ ከየት ያገኘዋል? የጆርናል ጽሑፍ ሁለቱንም በአንድ መስመር ይመልሳል። የጆርናሉ ስም ጽሑፉ በገምጋሚዎች ማለፉን ይናገራል። ቅጹ፣ ቁጥሩ፣ ገጹና ዲ.ኦ.አይ የሚባለው ቋሚ የኦንላይን መለያው ደግሞ አንባቢው ሐረርም ይሁን ሮም ያው ጽሑፍ ዘንድ ያደርሱታል። ቴሲስ ቅጽም ቁጥርም የለውም። ስለዚህ በጆርናሉ ስም ቦታ የዲግሪው ደረጃና ዩኒቨርሲቲው ይገባሉ። ማስተርስ ይሁን ፒኤችዲ የግድ መጻፍ አለበት፤ የፈተናው ጥልቀት የሚታወቀው ከዚያ ነው።

ጅማ ላይ አጻጻፉ ራሱ ሁለት መልክ አለው። ዩኒቨርሲቲው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ነው። የጤናው ወገን በአብዛኛው ቫንኩቨር የሚባለውን የአጠቃቀስ ሥርዓት ይጠቀማል፤ በጽሑፉ ውስጥ ተራ ቁጥር ይቀመጣል። የግብርናውና የማኅበራዊ ሳይንሱ ወገን ደግሞ ስምና ዓመት ይጽፋል፤ ኤ.ፒ.ኤ. የሚባለውን ሥርዓት የመሰለ ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ስለ ጎማ ወረዳ ገበሬዎች የቡና አደራረቅ የተሠራ የማስተርስ ቴሲስ አለ እንበል። ሽፋኑ ላይ «ሰኔ 2011 ዓ.ም.፣ ጅማ» ይላል። በኤ.ፒ.ኤ. 7ኛ እትም ሥርዓት እንዲህ ይሆናል፦

የጸሐፊው ስም (2019)። የቡና አደራረቅ በጎማ ወረዳ [የማስተርስ ቴሲስ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ]። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የኦንላይን ማከማቻ። ከዚያ ሊንኩ።

ኦንላይን ከሌለ ቅንፉ «ያልታተመ የማስተርስ ቴሲስ» ይላል፤ ዩኒቨርሲቲው ከቅንፉ ውጭ ይወጣል፣ ሊንክም አይኖርም። ያ አንድ ቃል ለአንባቢው ብዙ ይነግረዋል፦ ጅማ ሄደህ ወይም ሰው ልከህ እንጂ አታገኘውም ማለት ነው።

ዓመቱን አስተውሉ። ሰኔ 2011 በአውሮፓ አቆጣጠር ሰኔ 2019 ነው፤ ስምንት ይደመራል። ሰባት የሚደመረው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ ገደማ ላለው ጊዜ ነው። ቴሲስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ግንቦትና ሰኔ ላይ ስለሚገባ፣ ሰባት የደመረ ሰው ዓመቱን በአንድ ያሳንሳል። ሽፋኑ ላይ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ሳያዩ ቁጥሩን መገልበጥም ሌላው የተለመደ ስህተት ነው።

ስሙም እንዲሁ። ኤ.ፒ.ኤ. የቤተሰብ ስም ቀድሞ እንዲመጣ ይፈልጋል፣ እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም። ቴሲሱ በራስ፣ በአባትና በአያት ስም ይወጣል። ጆርናሉ አንዴ አባትን፣ አንዴ አያትን ያስቀድማል። ስለ ኢትዮጵያ የሚጽፉ ብዙ ጆርናሎች ስሙን ሳይገለብጡ ሙሉውን ያስቀምጣሉ፤ ለእኔ ትክክሉ ይህ ነው። ካልተፈቀደ ግን ቢያንስ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ያንን ሰው በሁለት ስም አትጥሩት።

አሁን ቴሲሱ ጉዞ ጀመረ እንበል። ተመራቂዋ በቀጣዩ ዓመት ጉባኤ ላይ አቀረበችው፣ ከዚያ ጆርናል ላከችው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ታተመ። የቱን እንጥቀስ? ያነበባችሁትን ነው። ሁለቱንም ካነበባችሁ፣ ለውጤቱ የጆርናሉን ጥቀሱ። ገምጋሚዎች ቁጥር ሊያስቀይሩ፣ ድምዳሜ ሊያለዝቡ ይችላሉና። መጠይቁን፣ የቃለ መጠይቁን ዝርዝር ወይም ጆርናሉ ለቦታ ሲል የቆረጠውን ሰንጠረዥ ከፈለጋችሁ ግን ቦታው ቴሲሱ ነው፤ ያኔ ከነገጹ ይጠቀሳል። የምትጠቅሱትም ከዲፌንስ በኋላ ታርሞ የፈታኞች ፊርማ ያረፈበትን ቅጂ ይሁን። በቴሌግራም የተላከ ሶፍት ኮፒ ብዙ ጊዜ ከእርማት በፊት ያለው ነው። የፊርማው ገጽ ባዶ ከሆነ ጠርጥሩ።

ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ግን ቴሲሱንና ጽሑፉን እንደ ሁለት ጥናት ሲቆጥሩ ነው። በተለይ ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ አማካይ የሚያወጣ ሰው፣ አንዱን የናሙና ስብስብ ሁለቴ ይደምረዋል። ርዕሱ ስለሚቀየር በርዕስ አይታወቅም። ሦስት ነገር አስተያዩ፦ ቦታውን፣ መረጃው የተሰበሰበባቸውን ወራትና የተሳታፊዎቹን ብዛት። ሦስቱ ከገጠሙ ሥራው አንድ ነው።

ርዕስ እንዴት እንደሚለወጥ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የታሪክ ተመራማሪው የመሐመድ ሐሰን የጊቤ አካባቢን በስፋት ያየ ፒኤችዲ ቴሲስ በ1983 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ሲቀርብ ርዕሱ ላይ «1500–1850» የሚል ዘመን ነበረው። በ1990 ካምብሪጅ መጽሐፍ አድርጎ ሲያሳትመው ዘመኑ «1570–1860» ሆነ። ከቴሲሱ ያነበበ ሰው መጽሐፉን ከጠቀሰ፣ አንባቢው የሚከፍተው ገጽ ላይ የተባለውን ነገር ላያገኘው ይችላል።

የጉባኤ ጽሑፍ ሁለት ዓይነት ነው። ቀርቦ ብቻ የቀረ ከሆነ የጉባኤው ስም፣ ከተማውና የተካሄደባቸው ቀናት ይጻፋሉ፤ ገጽ የለውም። የጉባኤው ጽሑፎች ተሰብስበው በሚወጡበት መጽሐፍ፣ በፕሮሲዲንግ፣ ከታተመ ግን አርታኢዎቹ፣ ገጹና የታተመበት ዓመት ይገባሉ። ሁለቱ ዓመታት ሊራራቁ ይችላሉ። ስምንተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ የተካሄደው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው፤ የፕሮሲዲንጉ የመጀመሪያ ቅጽ የወጣው ግን በ1988። የሚጠቀሰው የኅትመቱ ዓመት ነው፤ የጉባኤው ዓመት ከጉባኤው ስም ጋር ይሄዳል።

የጤናው ዘርፍ እዚህ ላይ ጠንከር ይላል። የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የጉባኤ አብስትራክት በማጣቀሻ ዝርዝር ውስጥ እንዳይገባ ይመክራል፤ በጽሑፉ ውስጥ በቅንፍ መግለጽ ግን ይቻላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አብስትራክት አጭር ነው፣ የአሠራሩን ዝርዝር አያሳይም፣ ብዙ ጊዜም መረጃው ተሰብስቦ ሳያልቅ ይላካል።

ያልታተመ ረቂቅ ከሁሉም ይለያል፣ ደረጃዎችም አሉት። ጆርናል ተቀብሎት ኅትመት የሚጠብቅ ከሆነ «በኅትመት ላይ» ተብሎ የጆርናሉ ስም ይጻፋል። ተልኮ መልስ የሚጠብቅ ከሆነ በኤ.ፒ.ኤ. «ለኅትመት የተላከ ረቂቅ» ይባላል፣ የጆርናሉ ስም ግን አይጠቀስም፤ አልተቀበለውምና የጆርናሉን ክብር መዋስ ይሆናል። ያልተላከ ከሆነ «ያልታተመ ረቂቅ» ተብሎ የጸሐፊው ዲፓርትመንትና ዩኒቨርሲቲው ይጻፋሉ። በሕክምናው ዘርፍ ደግሞ ተቀባይነት ካላገኘ ረቂቅ መረጃ የሚወስድ ሰው ከባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ መያዝ አለበት። የራሳችሁን ሥራ ከመላካችሁ በፊት እነዚህን መስመሮች አንዴ መልሳችሁ ፈትሹ፦ ባለፈው ዓመት «በኅትመት ላይ» የነበረው ዛሬ ቅጽና ገጽ አግኝቶ ይሆናል።