ፖይሰን ብሌንዲንግ ምንድን ነው? ጠርዝ ማደብዘዣ አይደለም

ፖይሰን ብሌንዲንግ ከአንድ ምስል የተቆረጠን ነገር በሌላ ምስል ላይ ስፌቱ ሳይታይ የሚያዋህድ ዘዴ ነው። ኦፕንሲቪ በተባለው የምስል ላይብረሪ ውስጥ `seamlessClone` በሚል ፋንክሽን ይገኛል፤ ከምንጩ ምስል የቱ ክፍል እንደሚወሰድ የሚነግረው ማስኩ ነው። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «`seamlessClone` ጠርዝ የሚያደበዝዝ ፋንክሽን ነው፤ ቀለም ከቀየረባችሁ ማስኩን እስከ እቃው ድረስ አጥብቃችሁ ቁረጡ» ብሎ ጽፎ ብዙ ሰው ተስማምቶበታል። የመጀመሪያው አባባል ስህተት ነው። ሁለተኛው ምክር ደግሞ ችግሩን ያባብሰዋል።

በ2003 እ.ኤ.አ. ፔሬዝ፣ ጋንኜ እና ብሌክ ያቀረቡት ይህ ዘዴ ከምንጩ ምስል ቀለም አይወስድም። የሚወስደው ግራዲየንቱን ብቻ ነው፤ ማለትም ከአንድ ፒክስል ወደ ጎረቤቱ ሲኬድ ዋጋው በምን ያህል እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ። መነሻውን ዋጋ የሚሰጠው ድንበሩ ላይ ያለው የመድረሻው ምስል ነው። ነገሩን ቀለል አድርገን ብናየው ውጤቱ የምንጩ ምስል ሲደመር አንድ እርማት ነው። እርማቱ ድንበሩ ላይ የሁለቱ ምስሎች ልዩነት ነው፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የተቻለውን ያህል ለስላሳ ሆኖ ይዘረጋል። በሰማያዊ፣ በአረንጓዴ እና በቀይ ቻናል ላይ ይኸው ለየብቻ ይሰላል።

እርማቱን በከበሮ አፍ ላይ እንደተወጠረ ቆዳ አስቡት። አፉ የማስኩ ድንበር ነው። አፉ ዙሪያውን እኩል ከፍ ቢል ቆዳውም ጠፍጣፋ እንደሆነ ከፍ ይላል። የዘዴው ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው፦ አውሮፕላንን ከግራጫ ሰማይ ወደ ትንሽ ሰማያዊ ወዳለው ሰማይ ስትወስዱት፣ ወይም በፊት ላይ ያለ ጠባሳን ከጎኑ ባለ ጤነኛ ቆዳ ስትሸፍኑት፣ ልዩነቱ ዙሪያውን ተቀራራቢ ስለሆነ ዝርዝሩ ሳይነካ ስፌቱ ይጠፋል። ነገር ግን የአፉ አንዱ ወገን ከፍ ሌላው ዝቅ ካለ ቆዳው በሙሉ ይዘማል፤ የመሃሉም ከፍታ ይለወጣል። ቀለም መድማት የሚባለው ይህ መዝመም ነው። ፋንክሽኑ ሥራውን በትክክል ሠርቷል።

በቁጥር እንየው። ነጭ ርግብ አለች፤ ዋጋዋ በሦስቱም ቻናሎች 235 ነው። ከኋላዋ ያለው ፈዛዛ ሰማይ በሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ ቅደም ተከተል 210፣ 200፣ 190 ነው። ክብ ማስክ አድርገን፣ ግራው ግማሽ ሣር (50፣ 120፣ 60)፣ ቀኙ ግማሽ የጡብ ግድግዳ (50፣ 60፣ 150) በሆነ ምስል ላይ እናስቀምጣት። በግራው ድንበር ልዩነቱ −160፣ −80፣ −130 ነው፤ በቀኙ −160፣ −140፣ −40። በክብ ላይ የመሃሉ እርማት የድንበሩ አማካይ ስለሆነ −160፣ −110፣ −85 ይመጣል። ነጯ ርግብ መሃሏ ላይ 75፣ 125፣ 150 ሆነች፤ ይህ ቡናማ ነው። ጠርዙ ላይ ግን አንድም ስፌት አይታይም፤ ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው።

«እንግዲያው አጥብቀን እንቁረጥ» ለሚለው ወዳጃችን፦ ማስኩ እስከ ላባዋ ከጠበበ ድንበሩ የሚያርፈው በርግቧ በራሷ ላይ ነው። ያኔ ልዩነቱ በነጭ እና በሣር መካከል ይሆናል፣ በሣሩ በኩል −185፣ −115፣ −175። ፋንክሽኑም የርግቧ ጠርዝ ሣር እስኪመስል ድረስ ይጎትታታል። በዚያ ላይ ኦፕንሲቪ ማስኩን ራሱ በ3×3 ከርነል ሦስት ጊዜ ይሸረሽረዋል፤ ከየጎኑ 3 ፒክስል ያህል ይጠፋል። ስለዚህ ከእቃው ዙሪያ ከ10 እስከ 20 ፒክስል የሚሆን የምንጩን ዳራ አስቀሩ። ማስኩም 0 እና 255 ብቻ ይሁን። 0 እና 1 የሆነ ማስክ በ255 ሲካፈል ባዶ ለመሆን ምንም አይቀረውም።

ሌላው ብዙ የማይነገረው ጉዳይ፣ በኦፕንሲቪ የከበሮው ቆዳ የተቸነከረው በማስኩ ድንበር ላይ አለመሆኑ ነው። በእነ ፔሬዝ የጥናት ወረቀት ላይ እንደዚያ ነው፤ ኮዱ ግን ከማስኩ ውጭ የመድረሻውን ግራዲየንት፣ ከውስጥ የምንጩን ያስቀምጥና እኩልታውን በሙሉው የመድረሻ ምስል ላይ ይፈታል። ዋጋቸው የማይነካው የምስሉ አራት ጠርዞች ብቻ ናቸው። በዚህ ምክንያት ያልተስተካከለው የልዩነት ክፍል ግማሹ ወደ ውስጥ፣ ግማሹ ወደ ውጭ ይፈስሳል። በምሳሌያችን በማስኩ አጠገብ ያለው የሣር ቀይ ከ60 ወደ 82 ገደማ ይወጣል፣ አረንጓዴው ከ120 ወደ 105 ገደማ ይወርዳል። ራሳችሁ ለኩት፦

```python
x, y, w, h = cv2.boundingRect(mask)
m = np.zeros(dst.shape[:2], np.uint8)
x0, y0 = cx - w // 2, cy - h // 2
m[y0:y0+h, x0:x0+w] = mask[y:y+h, x:x+w]
out = cv2.seamlessClone(src, dst, mask, (cx, cy),
                        cv2.NORMAL_CLONE)
d = cv2.absdiff(dst, out)
d[m > 0] = 0
print(d.max())
```

እግረ መንገዳችሁን አስተውሉ፦ `(cx, cy)` የምንጩ ምስል ማዕከል የሚያርፍበት ነጥብ አይደለም። ማስኩን የሚከብበው አራት ማዕዘን መሃል የሚያርፍበት ነው፤ «እቃው ወደ ጎን ሸሸብኝ» የሚለው ቅሬታ መነሻው ይኸው ነው።

የታተመው ቁጥር ትልቅ ከሆነ የውጩን ፒክስል ከዋናው ምስል መልሶ መቅዳት አይረዳም፤ የጠፋው ስፌት ተመልሶ ይመጣል። የሚሻለው መድረሻውን ከማስኩ ጥቂት ፒክስል ብቻ ሰፋ አድርጎ መቁረጥ፣ በዚያ ቁራጭ ላይ ማዋሃድ፣ ከዚያ ቁራጩን ወደ ቦታው መመለስ ነው። ቸንካሩ ወደ ማስኩ ስለሚቀርብ መፍሰሱ ይቀንሳል፤ ስሌቱም ይፈጥናል። ክብ ማስክ ከሆነ በቁራጩ ማዕዘኖች በኩል ትንሽ መፍሰስ ይቀራል።

`MIXED_CLONE` በየፒክስሉ ከሁለቱ ጠንካራውን ግራዲየንት ይመርጣል። ለጽሑፍ እና ለቀዳዳማ ነገር ጥሩ ነው፤ ርግቧን ግን ጡቡ ላይ ብታስቀምጧት የጡቡ መስመሮች በደረቷ ውስጥ ያልፋሉ። `MONOCHROME_TRANSFER` የምንጩን ቀለም ሆን ብሎ ይጥላል፤ ለቀለም መድማት መድኃኒት ነው የሚሉት ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ከመጀመራችሁ በፊት በድንበሩ ዙሪያ የሁለቱን ምስሎች ልዩነት በየቻናሉ አስሉ። ከ20 ወይም 30 ካላለፈና ዙሪያውን ተቀራራቢ ከሆነ `seamlessClone` ይበቃል። የተቀራረበ ሆኖ ትልቅ ከሆነም ስፌቱ ቢጠፋም ቀለሙ መሸሹ አይቀርም፦ ርግቧን ሙሉ በሙሉ ሣር ላይ ብታሳርፏት 75፣ 155፣ 105 ሆና አረንጓዴ ትሆናለች። ቀለሟ መጠበቅ ካለበት መጀመሪያ በ`seamlessClone` አዋህዱ፤ ቀጥሎ የርግቧን አካል ብቻ የያዘ፣ ጠርዙ የለሰለሰ አልፋ አዘጋጅታችሁ ዋናውን ርግብ በውጤቱ ላይ ደርቡ። ዙሪያው ከፖይሰን፣ ላባው ከዋናው ምስል ይመጣል። ኖይዝና የብርሃን አቅጣጫ ግን በሁለቱም መንገድ አይስተካከሉም።

የአየር ፎቶ ለምትገጣጥሙ ደግሞ፦ ከዚህ ሥራ በኋላ የፒክስሉ ዋጋ ልኬት መሆኑ ቀርቷል። በተዋሃደው ምስል ላይ የዕፅዋት ኢንዴክስ ብታሰሉ የምትለኩት ሣሩን ሳይሆን የማስካችሁን ድንበር ነው።