ዲግሪና ራዲያን፦ ከአራት ኪሎ እስከ መስቀል አደባባይ

ዲግሪና ራዲያን ሁለቱም ማዕዘን መለኪያ ናቸው። ዲግሪ ሙሉውን ዙር ለ360 እኩል ይከፍለዋል። ራዲያን ግን ዙሩን አይከፍልም። የክቡን ጠርዝ በክቡ በራሱ ራዲየስ ይለካል።

የአራት ኪሎን አደባባይ እንውሰድ። መሃሉ ላይ የድል ሐውልቱ ቆሟል፣ መኪናው ዙሪያውን ይዞራል። ለምሳሌ ያህል ከመሃሉ እስከ ጠርዙ 20 ሜትር ነው እንበል። አሁን 20 ሜትር ገመድ ይዘን የጠርዙን ጥምዝ ተከትለን እናንጥፈው። ከመሃል ሆኖ ለሚያይ፣ ከገመዱ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ያለው ማዕዘን 1 ራዲያን ነው። አደባባዩ ሰፋ ወይም ጠበበ፣ ለውጥ የለውም። ገመዱ ከራዲየሱ ጋር እኩል እስከሆነ ድረስ ማዕዘኑ ያው ነው፤ በዲግሪ 57.3 ገደማ ይሆናል።

የማንኛውም ክብ ዙሪያ የራዲየሱ 2π እጥፍ ነው። ስለዚህ ሙሉ ዙር 2π ራዲያን፣ ግማሽ ዙር ደግሞ π ራዲያን ይሆናል። መቀየሪያው በሙሉ ከዚህ ይወጣል፦ 180° = π። ዲግሪን ወደ ራዲያን ለመቀየር በπ አባዝቶ ለ180 ማካፈል ነው። ለመመለስ ደግሞ በ180 አባዝቶ ለπ ማካፈል። 30 ዲግሪ π/6 ነው፤ ይህም 0.5236 ያህል ነው። የቱን በየቱ እንደሚያባዛ የተምታታበት ሰው አንድ ነገር ይያዝ፦ ለአንድ ማዕዘን የዲግሪው ቁጥር ሁልጊዜ ከራዲያኑ ይበልጣል። 30 ዲግሪ ቀይሮ 1,719 ካገኘ፣ ገልብጦታል።

360 የሚለው ቁጥር በ60 ይቆጥሩ ከነበሩት ከባቢሎናውያን የመጣ ነው፤ የግሪክ ከዋክብት ተመራማሪዎች ተቀበሉት። ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ5፣ ለ6 ስለሚካፈል በእጅ ለሚሠራ ሰው ምቹ ነው። ግን ሰው የመረጠው ቁጥር ነው፤ ክቡ ራሱ ስለ 360 የሚለው ነገር የለም። በራዲየስ የመለካቱን ሐሳብ እንግሊዛዊው ሮጀር ኮትስ በ1714 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ገደማ አስቀምጦታል። ራዲያን የሚለው ስም ግን በ1873 ጄምስ ቶምሰን ቤልፋስት ላይ ባዘጋጀው የፈተና ጥያቄ ውስጥ ታየ።

ራዲያን ተፈጥሯዊ መለኪያ ነው የሚባለው ለምንድን ነው? የመጀመሪያው ምክንያት ርቀት ነው። አደባባዩን ሩብ ዙር የዞረ ታክሲ π/2 ራዲያን ዞሯል። የሄደው መንገድ ራዲየሱ በማዕዘኑ ሲባዛ ነው፦ 20 × 1.5708፣ ማለትም 31.4 ሜትር። በዲግሪ ግን 20ን በ90 ብናባዛ 1,800 ይወጣል፤ ምንም ትርጉም የለውም። መንገዱን ለማግኘት የግድ በπ/180 እንደገና ማባዛት አለብን።

ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ጥልቅ ነው። ራዲየሱ 1 የሆነ ክብ ላይ፣ ከቀኝ ጫፉ ተነስተን ትንሽ ወደ ላይ እንሂድ። ጠርዙ እዚያ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም፣ በጠርዙ የሄድነው ርቀትና ወደ ላይ የወጣነው ከፍታ እኩል ሊባሉ ይቀራረባሉ። የሄድነው ርቀት በራዲያን የተለካው ማዕዘን ነው። ከፍታው ሳይን ነው። ስለዚህ ለትንሽ ማዕዘን sin x ≈ x ይሆናል። ብንሞክረው sin(0.1) = 0.09983 ነው። ካልኩለስ ውስጥ የsin x ዲሪቬቲቭ ያለምንም ጭማሪ cos x የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በዲግሪ ከሠራን ግን በእያንዳንዱ ዲሪቬቲቭ 0.01745 እየተከተለ ይመጣል። ሁለቴ ካደረግን ሁለቴ ይባዛል።

ይህ ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ጉዳይ አይደለም። ኮምፒውተር ሳይንን የሚያሰላው እንደ x − x³/6 ባሉ ድምሮች ነው፤ እነዚህ ደግሞ የሚሠሩት x ራዲያን ሲሆን ነው። ፓይተንም ሆነ ኤክሴል ማዕዘንን በራዲያን የሚቀበሉት ለዚህ ነው። ኤክሴል ላይ =SIN(30) ብሎ የጻፈ ሰው 0.5 ሳይሆን −0.988 ያገኛል። መጻፍ የነበረበት =SIN(RADIANS(30)) ነው።

የስልክ ካርታ ግን ቦታን የሚነግረን በዲግሪ ነው። ችግር የሚፈጠረውም እዚህ መገጣጠሚያ ላይ ነው። የአራት ኪሎ ኬክሮስ 9.033 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የመስቀል አደባባይ 9.010 ገደማ። ሁለቱ ቦታዎች ከሰሜን ወደ ደቡብ በአንድ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የምሥራቅና ምዕራቡን ልዩነት እንተወው። የምድር ራዲየስ በአማካይ 6,371 ኪሎ ሜትር ነው። የአደባባዩ ታክሲ ስሌት ምድር ላይም ይሠራል፦

```python
import math
R = 6371
d = math.radians(9.033 - 9.010)
print(R * d)
```

መልሱ 2.56 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱን ሳይሆን በአየር ያለውን ርቀት ነው የሚሰጠን። አሁን math.radians የሚለውን ቢረሳ አንድ ፕሮግራመር ምን ያገኛል? 146.5 ኪሎ ሜትር። ከመስቀል አደባባይ አዳማ አልፎ ይሄዳል ማለት ነው። መልስ ወደ 57 እጥፍ አብጦ ሲመጣ፣ ምክንያቱ ሁሌም ማለት ይቻላል ይኸው ነው።

የምሥራቅና ምዕራብ ርቀት ሲታከል ስህተቱ መልኩን ይቀይራል። የኬንትሮስ መስመሮች ወደ ዋልታዎቹ እየተጠጋጉ ስለሚሄዱ፣ ርቀቱ በኬክሮሱ ኮሳይን መባዛት አለበት። ለአዲስ አበባ cos(9.03°) = 0.988 ነው፤ ትንሽ ነው የሚቀንሰው። 9.03ን ሳይቀይሩ ለኮምፒውተሩ ከሰጡት ግን −0.923 ይመልሳል። ኔጌቲቭ ርቀት ወዲያው ስለሚያስደነግጥ፣ ስህተቱ ቶሎ ይገኛል።

እኔ የበለጠ የምፈራው ዝም ብሎ የሚያልፈውን ነው። ያው ፕሮግራም አርባ ምንጭ ላይ ቢሞከር፣ ኬክሮሱ 6.03 ገደማ ስለሆነ፣ ሳይቀየር የገባው ኮሳይን 0.968 ይሰጣል። ትክክለኛው 0.994 ነው። ልዩነቱ ከ3 በመቶ በታች ነው፤ ውጤቱን በዓይን አይቶ የሚጠራጠር ሰው አይኖርም። ምክንያቱ 6.03 ራዲያን ለሙሉ ዙር፣ ማለትም ለ6.28፣ ቅርብ መሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ኮድ መልሱ በሚታወቅ ማዕዘን መፈተሽ ይሻላል። 60 ዲግሪ ሰጥቶ 0.5 ካልመጣ፣ መቀየሪያው ተረስቷል። ካልኩሌተር ላይም እንደዚሁ ነው፦ sin 30 ብለው 0.5 ካልመጣ፣ ስክሪኑ ላይ D ሳይሆን R፣ ወይም ግራድ የሚባለውን ሌላ መለኪያ የሚያመለክተው G ተጽፎ ይሆናል።

ራዲያንም የራሱ ድካም አለው። ቀጤ ማዕዘን በዲግሪ ልክ 90 ነው፤ በራዲያን ግን π/2 ነው፣ በአስርዮሽ ተጽፎ አያልቅም። ቀያሾችና ካርታ ሠሪዎች ዲግሪን አለመተዋቸው ትክክል ይመስለኛል። ኮምፒውተሩም πን ቆርጦ ነው የሚይዘው። ስለዚህ math.sin(math.radians(180)) ብለን ስንጠይቀው፣ ዜሮ ሳይሆን 1.2246e-16 ይመልሳል። ኮዱ ውስጥ መልሱ ልክ ዜሮ መሆኑን በ== ያጣራ ሰው «አይደለም» ይባላል። እዚህ ላይ math.isclose ከabs_tol=1e-9 ጋር ሲሰጥ ነው የሚያገለግለው።