ልጃቸው ወደ ኋላ እንዳይቀር ከሚሰጉ ወላጆች ጋር የሚደረግ የመምህርና የወላጅ ውይይት

የመምህርና የወላጅ ውይይት ስለ አንድ ተማሪ ትምህርት ፊት ለፊት ለመነጋገር የሚያዝ አጭር ቀጠሮ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሩብ ሰዓት እስከ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ወላጁ «ልጄ ወደ ኋላ ቀርታለች» በሚል ስጋት ሲመጣ ግን ይህ ጊዜ በቀላሉ ያልቃል። አንዱ ይጨነቃል፣ ሌላው ያጽናናል፤ ሁለቱም አንድም ነገር ሳይወስኑ ይለያያሉ። ይህ ጽሑፍ በተለይ በታችኛዎቹ ክፍሎች በብዛት የሚነሳውን የንባብ ጉዳይ ይዞ፣ መምህሩ ምን አዘጋጅቶ እንደሚገባና ውይይቱን በምን ቅደም ተከተል እንደሚመራ ያሳያል።

የመጀመሪያው ሥራ «ወደ ኋላ መቅረት» የሚለውን አባባል መፍታት ነው። አንድ ወላጅ ይህን ሲል ከሦስት ነገሮች አንዱን ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ከክፍል ጓደኞቹ አንሷል፣ የክፍል ደረጃው የሚጠይቀውን አላሟላም፣ ወይም ቀድሞ ከነበረበት ወርዷል። ሦስቱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። በጎበዞች ክፍል ውስጥ መጨረሻ የሆነ ልጅ የክፍል ደረጃውን ያሟላ ሊሆን ይችላል፤ ተቃራኒውም ያጋጥማል፤ አንደኛ የወጣው ልጅ ራሱ ማንበብ የሚገባውን ያህል የማያነብበት ክፍል አለ። በአንድ ክፍል የተቀመጡ ልጆች በዕድሜ እስከ አንድ ዓመት ሊራራቁ እንደሚችሉም መርሳት አይገባም፤ በሰባትና በስምንት ዓመት ዕድሜ አንድ ዓመት ብዙ ነው።

ስለዚህ መምህሩ ማኅደሩን ከመግለጡ በፊት ይጠይቃል። «ምን አይተው ነው የሰጉት? ከመቼ ጀምሮ ነው? ቤት ስታነብ የሚያስቸግራት ምኑ ላይ ነው?» እነዚህ ጥያቄዎች ለጨዋነት ያህል የሚነሱ አይደሉም። ልጅቷ የቤት ሥራ ስትሠራ ሁለት ሰዓት እንደምትቀመጥ፣ መጽሐፍ ሲወጣ ሆዴን አመመኝ እንደምትል፣ ታናሽ ወንድሟ ቀድሟት እንደሚያነብ የሚያውቀው ወላጁ ብቻ ነው። በመምህሩ እጅ ያለው ደግሞ የልጅቷን ሥራ ከክፍሉ ሥራ ጋር ማነጻጸር መቻሉ ነው። ውይይቱ ፍሬ የሚያፈራው ሁለቱ መረጃዎች ሲገናኙ ነው።

በዚህ ቦታ ብዙ መምህራን በቅንነት የሚፈጽሙት ስህተት አለ፤ «አይስጉ፣ ልጅ በራሱ ጊዜ ይደርሳል» ማለት። በእግር መሄድን በተመለከተ አባባሉ ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ በንባብ ግን አይሠራም። ኮኒ ጁዌል እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው ጥናት በአንድ ትምህርት ቤት የነበሩ 54 ልጆችን ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ተከታትላ፣ በአንደኛ ክፍል መጨረሻ በንባብ ደካማ የነበሩት አብዛኞቹ በአራተኛ ክፍል መጨረሻም ደካማ ሆነው አግኝታቸዋለች። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሆኖም የሚያመለክተው ነገር መምህራን በየዓመቱ ከሚያዩት ጋር ይገጥማል። ጥሎ የሄደን ክፍል መድረስ የሚቻለው ተለይቶ በታወቀው ድክመት ላይ በመሥራት እንጂ በመጠበቅ አይደለም።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ እናት መጥታ፣ «መምህር፣ ልጄ ከክፍሉ መጨረሻ ሆናለች መሰለኝ» ትላለች። መምህሯ ከቀጠሮው በፊት ልጅቷን ለክፍሉ የሚመጥኑ፣ አይታቸው የማታውቅ ሦስት አጫጭር ምንባቦች እያንዳንዳቸውን ለአንድ ደቂቃ ጮክ ብላ እንድታነብ አድርጋለች። በመጀመሪያው 38 ቃላት በትክክል አንብባ 6 ተሳስታለች፤ በሁለተኛው 44 አንብባ 5፣ በሦስተኛው 41 አንብባ 6 ተሳስታለች። አንድ ምንባብ በአጋጣሚ ሊከብድ ወይም ሊቀል ስለሚችል የሚወሰደው ከሦስቱ መካከል ላይ ያለው ውጤት ነው፤ ይኸውም 41 ነው። ከሞከረቻቸው 47 ቃላት 41ዱን ስላገኘች ትክክለኛነቷ 87 በመቶ ያህል ይሆናል። በዘርፉ በተለመደው መለኪያ መሠረት አንድ ልጅ በአስተማሪ እገዛ ሊማርበት የሚችለው ጽሑፍ ከ100 ቃላት ቢያንስ 95ቱን በትክክል የሚያነበው ነው፤ ከ90 በታች ሲወርድ ንባቡ ትግል ይሆንበታል። ያ ምንባብ እንግዲህ ለልጅቷ ትግል ነበር ማለት ነው።

የንባብ ፍጥነት ቁጥሮች ግን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ አይዘዋወሩም። በአማርኛ አንድ ቃል ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና አሉታውን አንድ ላይ ስለሚሸከም፣ በእንግሊዝኛ የወጣን የደቂቃ መለኪያ አምጥቶ የአማርኛ አንባቢን መመዘን ልጁን ያለ ጥፋቱ ደካማ ያሰኘዋል። የሚሻለው የዚያኑ ክፍል ልጆች በዚያው ምንባብ መለካት ነው። በምሳሌያችን የክፍሉ መካከለኛ ውጤት 62 ነው፤ ልዩነቱ 21 ቃላት መሆኑ ነው።

ፍጥነት ብቻውን ችግሩ የት እንዳለ አይናገርም። ፊሊፕ ጎፍና ዊሊያም ተንመር እ.ኤ.አ. በ1986 ባቀረቡት አስተሳሰብ፣ አንብቦ መረዳት የሁለት ችሎታዎች ብዜት ነው፤ ጽሑፉን ወደ ቃል መለወጥና ንግግርን ሰምቶ መረዳት። ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ ነው። ስለዚህ መምህሯ አንድ ታሪክ ራሷ አንብባላት አምስት ጥያቄ ጠየቀቻት፤ አራቱን መለሰች። ተመጣጣኝ የሆነ ሌላ ታሪክ ልጅቷ ራሷ ስታነብ ግን ከአምስቱ ሁለቱን ብቻ መለሰች። መረዳቷ ደህና ነው፤ የሚያደክማት ፊደሉ ነው። ስህተቶቿም ተቆጠሩ፤ ከ17ቱ 12ቱ በቃል መጨረሻ ላይ ያሉ ናቸው። «ሄደች» የሚለውን «ሄደ»፣ «ተመለሱ» የሚለውን «ተመለሰ» ብላለች። የቃሉን መነሻ አይታ መድረሻውን እየገመተች ነው። ለእናትየው ከማንኛውም ውጤት ይልቅ የሚጠቅማት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ምን ላይ መሥራት እንደሚገባ ይነግራታል።

አቀራረቡ ከዚህ ይነሳል። መምህሯ ደረጃን አታስቀድምም፤ የልጅቷን ሥራ ታሳያለች። «ታሪክ ሲነበብላት በደንብ ትረዳለች። ራሷ ስታነብ የቃሉን መጨረሻ ትዘልላለች፤ ይኸው፣ እዚህ ላይ ይመልከቱ። በክፍሉ መካከል ካሉት ልጆች በደቂቃ 21 ቃላት ያህል ታንሳለች።» ልዩነቱን መደበቅ አይገባም፤ እናትየው ቀድሞውኑ አይታዋለች፣ ከተደበቀባት ሌላውንም አታምንም። «ሰነፍ ናት»፣ «ትኩረት የላትም» የሚሉ ፍርዶች ግን ቦታ የላቸውም፤ ስለ ልጅቷ ባሕርይ እንጂ ስለ ንባቧ የሚናገሩት ነገር የለም። መምህሯ የሕክምና ስምም አታወጣም። እናትየው «ዲስሌክሲያ ይሆን?» ብላ፣ ማለትም ቃላትን ለይቶ ማንበብ የሚያስቸግር የንባብ እክል ይሆን ወይ ብላ ብትጠይቅ፣ ያንን የሚለየው ባለሙያ መሆኑን፣ የተመዘገበው መረጃ ግን ለባለሙያው እንደሚጠቅም መመለስ ይበቃል። አስቀድሞ የሚጣሩ ቀላል ነገሮችም አሉ፤ ዓይኗና ጆሮዋ ታይተዋል ወይ? ስንት ቀን ከትምህርት ቀርታለች? ቤት የሚነገረው ቋንቋ ከትምህርት ቤቱ የተለየ ነው ወይ?

የደረጃ ሪፖርት የያዘ ወላጅ ሲመጣ ሌላ መደናገር ይፈጠራል። «በ30ኛው መቶኛ ደረጃ ላይ ትገኛለች» ማለት ከ100 ጥያቄ 30 መለሰች ማለት አይደለም፤ ከ100 ተመሳሳይ ልጆች 30ዎቹን ያህል ትበልጣለች ማለት ነው። ይህን ሳያብራሩ ወረቀቱን መስጠት እናትን ያለ ምክንያት ማስደንገጥ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ስምምነት ነው፤ ከቀጠሮው ጊዜ ሲሶው ለዚህ ሊቀመጥ ይገባል። በምሳሌያችን ትምህርት ቤቱ ልጅቷን በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን 20 ደቂቃ፣ ከሁለት ሌሎች ልጆች ጋር የቃል መድረሻን ለይቶ በማንበብ ላይ ያሠራታል። ቤት ውስጥ የሚጠየቀው ከዚህ ያነሰ ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን አሥር ደቂቃ ጮክ ብላ ታንብብ፣ ጽሑፉም ከ20 ቃላት ከአንድ በላይ የማትሳሳትበት ይሁን። ስትሳሳት አምስት ሰከንድ ያህል ይጠበቃል፤ ራሷ ካላረመችው ቃሉ በጣት ይታይና እስከ መጨረሻው እንድታነበው ይደረጋል፤ ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ትደግመዋለች። ማንበብ የማይችል ወላጅም ከዚህ አይገለልም፤ አጠገቧ ተቀምጦ ያነበበችውን እንድትተርክለት መጠየቅ ይችላል። የቤቱ ንባብ ወደ ጩኸትና እንባ ከተለወጠ ግን ማቆምና ለመምህሯ መንገር ይሻላል፤ በእልህ የሚነበብ አሥር ደቂቃ የሚያተርፈው ጥላቻ ነው።

ግቡ በቁጥር ይነገራል፣ ስሌቱም አይሸሸግም። ክፍሉ በሳምንት አንድ ቃል ቢጨምርና እሷም አንድ ብትጨምር ልዩነቱ እንዳለ ይኖራል። ሁለት ብትጨምር በየሳምንቱ አንድ ቃል እየጠበበ 21 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ «በአንድ ወር ትስተካከላለች» ብሎ ቃል መግባት ሐሰት ነው፤ የስምንት ሳምንቱ ግብ ከ41 ተነስቶ 57 መድረስ ነው። መምህሯ በየሳምንቱ አንድ ደቂቃ እየለካች ነጥቡን በግራፍ ላይ ታስቀምጣለች። አራት ተከታታይ ነጥቦች ከግቡ መስመር በታች ከዋሉ ስምንተኛው ሳምንት አይጠበቅም፤ የማስተማሪያው ዘዴ ይለወጣል። አንድ መጥፎ ሳምንት ግን ምንም ማለት አይደለም፤ ልጅ ጉንፋን ይዞትም ያነባል።

«ክፍል ትድገም ወይ?» የሚለው ጥያቄ በመሃል መነሳቱ አይቀርም። ይህ ከአንድ ቀጠሮ በላይ የሚጠይቅ ውሳኔ ነው፤ ለጊዜው የሚበቃው መልስ፣ የቃል መድረሻን መገመቷ ተለይቶ ካልተሠራበት በድጋሚው ዓመትም አብሯት እንደሚሄድ ማስረዳት ነው።

አንዳንዴ ደግሞ መዝገቡ የወላጁን ስጋት አይደግፍም፤ ልጁ ከክፍሉ መካከል ሆኖ ሳለ ከጎበዝ እህቱ ጋር ተነጻጽሮ ነው። ያኔም ቢሆን «ምንም የለም» ብሎ መሸኘት አይበቃም፤ ምን እንደተለካና ውጤቱ ስንት እንደሆነ አሳይቶ፣ በየትኛው ምልክት ተመልሰው እንዲመጡ መንገር ይገባል።

ቀጠሮው ሲያልቅ የተባለው ሁሉ በዚያው ቀን በግማሽ ገጽ ይጻፋል፤ ማን ምን እንደሚያደርግ፣ ስንት ጊዜ፣ እንደገና የሚገናኙበትም ቀን። ለልጅቷ የሚነገረውም አብሮ ይወሰናል፤ እናትና መምህር የተለያየ ነገር ከነገሯት የምትይዘው የከፋውን ነውና፣ ሁለቱም «የቃሉን መጨረሻ እስክታዪ ቀስ በይ» በሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ይስማማሉ።